ከሰንጠረዡ ጀርባ ያለው ረድፍ፦ በግምገማ ላይ ባለ ረቂቅ ውስጥ የተፈበረከ መረጃን ስለመለየት

ለግምገማ የሚላክ የጥናት ረቂቅ ለገምጋሚው የሚያሳየው አብዛኛውን ጊዜ የተጠቃለለውን ሰንጠረዥ ብቻ ነው። ሰንጠረዡ ምን ያህል ሊሸፍን እንደሚችል ካሳዩት አንዱ የማደንዘዣ ሐኪሙ ጆን ካርላይል ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2020 «አኔስቴዥያ» ለተባለው ጆርናል የተላኩ 526 የሕክምና ሙከራ ረቂቆችን መርምረዋል። የእያንዳንዱ ታካሚ መረጃ ከተገኘላቸው 153 ረቂቆች 44 በመቶው ሐሰተኛ መረጃ እንደያዙ ሲደርሱበት፣ ሰንጠረዥ ብቻ ከቀረበላቸው 373 ረቂቆች ግን ይህ የታወቀው በ2 በመቶው ላይ ነው። ጥሬ መረጃ የተጠየቀው ከሁሉም ስላልነበረ ልዩነቱ በሙሉ ከዚህ የመነጨ ነው ማለት አይቻልም። ያም ሆኖ ረድፎቹን ያላየ ገምጋሚ ብዙ ነገር እንደሚያመልጠው ግልጽ ነው።

ጥሬ መረጃውን ለመጠየቅ ምክንያት የሚሆን ነገር አንዳንዴ ከሰንጠረዡ ራሱ ይገኛል። ኒክ ብራውንና ጀምስ ሄዘርስ «ግሪም» ብለው የሰየሙት ፍተሻ ከማባዛትና ከማካፈል ያለፈ ስሌት አይፈልግም። ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ረቂቅ 27 ታካሚዎች ከቀዶ ሕክምና በኋላ የተሰማቸውን ሕመም ከ0 እስከ 10 በሙሉ ቁጥር እንደገለጹና አማካዩ 3.46 እንደሆነ ያስረዳል እንበል። ሁሉም መልስ ሙሉ ቁጥር ስለሆነ ድምራቸውም ሙሉ ቁጥር መሆን አለበት። 3.46 በ27 ሲባዛ 93.42 ይሆናል፤ ስለዚህ ቅርቡ ድምር 93 ወይም 94 ነው። 93 ለ27 ሲካፈል 3.44፣ 94 ሲካፈል ደግሞ 3.48 ይሰጣል። በመካከላቸው ሌላ አማካይ የለም፤ 3.46 ከ27 ሰዎች ሊወጣ አይችልም።

ይሁን እንጂ ይህ ገና ማጭበርበር አይባልም። አንድ ታካሚ መልስ ሳይሰጥ ቀርቶ ከሆነ የ26ቱ ድምር 90 ሲሆን አማካዩ በትክክል 3.46 ይመጣል። አጥኚዎቹ የጎደለውን ሰው ሳይጠቅሱ መቅረታቸው ስሕተት ነው፤ ፈጠራ ግን አይደለም። ፍተሻው ወሰንም አለው፤ አማካዩ በሁለት አሥርዮሽ ከተጻፈ ከ100 በላይ ተሳታፊ ላለው ቡድን አይሠራም፤ እንደ ክብደት በአሥርዮሽ ለሚለካ ነገርም እንዲሁ ብዙ አይጠቅምም። ስለዚህ ገምጋሚው «በዚህ መለኪያ ስንት ታካሚ መልስ ሰጠ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የእያንዳንዱን ታካሚ መረጃም እንዲልኩ ያሳስባል።

መረጃው ሲመጣ በመጀመሪያ መታየት ያለበት የረድፎች መደጋገም ነው። ቁጥር የሚፈበርክ ሰው መፍጠር ስለሚታክተው የጻፈውን ይገለብጣል። ዕድሜ በሁለተኛው፣ ክብደት በሦስተኛው፣ ሄሞግሎቢን በአራተኛው ዓምድ ቢቀመጡ፣ በኤክሴል ባዶ ዓምድ ላይ የሚከተለውን ጽፎ ወደ ታች መሳብ ይበቃል፦

```
=COUNTIFS(B:B,B2,C:C,C2,D:D,D2)
```

ከ1 የሚበልጥ ውጤት ሦስቱም ልኬቶች በሌላ ታካሚ ላይ እንደተደገሙ ይነግረናል። ሁለት ታካሚዎች አልፎ አልፎ ቢመሳሰሉ አያስገርምም። ከ9ኛው እስከ 14ኛው ያሉት ስድስት ታካሚዎች በዚያው ቅደም ተከተል ከ21ኛው እስከ 26ኛው ቢደገሙ ግን በአጋጣሚ ሊብራራ አይችልም። ብልህ ገልባጭ አንዱን አኃዝ ስለሚቀይር፣ ቀመሩ ምንም ባያሳይም ረድፎቹን በዐይን ማየት ያስፈልጋል።

የመጨረሻዎቹ አኃዞችም ይናገራሉ። የደም ግፊት በእጅ መሣሪያ ከተለካ ሚዛኑ በየ2 ሚሊሜትር የተከፈለ ስለሆነ ንባቡ ሙሉ በሙሉ ተጋማሽ ቁጥር ይሆናል፤ ብዙ ነርሶችም ወደ 0 ያጠጋጉታል። በእጅ ለካን ያሉ አጥኚዎች 117 እና 123 የመሰሉ ቁጥሮችን ካቀረቡ መሣሪያው ምን እንደነበር መጠየቅ ተገቢ ነው። እዚህ ላይ ጥርጣሬ የሚቀሰቅሰው የቁጥሮቹ ከልክ በላይ ጥራት ነው፤ የሰው እጅ የነካው መረጃ የማጠጋጋት ልማድ ይታይበታል።

በምስሎችም ላይ ሥራው ከዚህ አይለይም። ኤሊዛቤት ቢክና ባልደረቦቿ 20,621 የታተሙ ጽሑፎችን በዐይን መርምረው በ3.8 በመቶው ላይ አጠራጣሪ የምስል ድግግሞሽ አግኝተዋል። የዌስተርን ብሎት ምስል ሲታይ ብርሃኑን ከፍና ዝቅ አድርጎ፣ ምስሉንም አዙሮና ገልብጦ ማነጻጸር ይጠቅማል። ጥቁሮቹ መስመሮች እርስ በርስ መመሳሰላቸው የተለመደ ስለሆነ ዐይን ማረፍ ያለበት በጀርባው ባሉት ነጠብጣቦችና ጭረቶች ላይ ነው፤ እነዚያ ሁለት ጊዜ በአንድ ቅርጽ አይፈጠሩም።

የጸሐፊነት ስም የሚሸጡት የጽሑፍ ፋብሪካዎች ሥራ ግን በአንድ ረቂቅ ብቻ እምብዛም አይታወቅም፤ ያው ምስል ወይም ያው ሰንጠረዥ በማይተዋወቁ ጸሐፊዎች ስም በሌላ ጽሑፍ ሲገኝ ነው የሚጋለጠው። ለገምጋሚ የሚቀርበው ፍንጭ ቋንቋው ነው። ከተሰረቀ ጽሑፍ ላይ ቃላት በመሣሪያ ሲቀየሩ «የጡት ካንሰር» የሚለው የእንግሊዝኛ ስያሜ «የደረት አደጋ» ዓይነት ሐረግ ሆኖ ይወጣል። የሙያው ሰው እንዲህ አይጽፍም።

ያየነውን ሁሉ የምንጽፈው ለአርታኢው እንጂ ለጸሐፊዎቹ በቀጥታ አይደለም። «ተፈብርኳል» ከማለት ይልቅ «ከ9 እስከ 14 ያሉት ረድፎች ከ21 እስከ 26 ካሉት ጋር በሦስት ዓምዶች አንድ ናቸው፤ የመጀመሪያው የታካሚ መዝገብ ቢታይ» ብሎ መጻፍ ለአርታኢው የሚሠራበት ነገር ይሰጠዋል።