ለምስክርነት ሲጠሩ፦ መጥሪያው፣ ደብዳቤውና ርክክቡ

ብዙ ሠራተኛ የፍርድ ቤት መጥሪያ ሲደርሰው አለቃው ዘንድ ሄዶ «ሐሙስ የግል ጉዳይ አለችኝ» ይላል። ስህተቱ እዚህ ላይ ይጀምራል። «የግል ጉዳይ» የተባለ ቀን ከዓመት ፈቃድ ላይ ይቀነሳል፤ ፈቃዱ ያለቀበት ደግሞ ደመወዙ ይቆረጥበታል። ምስክርነት ግን የዜግነት ግዴታ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 83 ምስክር ሆኖ ለሚቀርብ ሠራተኛ ከክፍያ ጋር ፈቃድ እንዲሰጠው ይደነግጋል።

የአንድ ፋብሪካ የመጋዘን ሠራተኛን እንውሰድ። በሰፈሩ የተፈጸመ ስርቆት አይቶ ኖሮ የዐቃቤ ሕግ ምስክር ሆኖ ተጠራ። መጥሪያው ሰኞ ደረሰው፤ ማክሰኞ ጠዋት ኮፒ አስደርጎ፣ ዋናውን ለራሱ አስቀርቶ፣ ይህን ደብዳቤ ለሰው ሀብት አስተዳደር አስገባ፦

«ጉዳዩ፦ ለምስክርነት ፈቃድ መጠየቅን ይመለከታል

ከዚህ ጋር በተያያዘው መጥሪያ መሠረት ሐሙስ ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ችሎት ምስክር ሆኜ እንድቀርብ ታዝዣለሁ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 83 መሠረት ለዚሁ የሚያስፈልገኝ ጊዜ ከክፍያ ጋር እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ። የመጋዘኑን ቁልፍና የወጪ ዕቃ ሰነዶችን ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ለረዳቴ በፊርማ አስረክባለሁ። ሐሙስ ጠዋት ሊወጣ የታዘዘው ጨርቅ ረቡዕ ተቆጥሮ ለብቻው ይቀመጣል። ችሎቱ በጊዜ ካበቃ ከሰዓት በኋላ በሥራ ገበታዬ ላይ እገኛለሁ።

አባሪ፦ የመጥሪያው ኮፒ፣ 1 ገጽ
ግልባጭ፦ ለመጋዘን ክፍል»

ደብዳቤው ስለ ስርቆቱ፣ ስለ ተከሳሹም ሆነ ምስክሩ ስላየው ነገር ምንም አይልም። አሠሪው ማወቅ ያለበት የት፣ መቼና ምን ሆኖ እንደተጠራ ብቻ ነው። የምስክርነት ቃል ችሎት ፊት እንጂ በመሥሪያ ቤት ፋይል ውስጥ ቦታ የለውም።

ርክክቡ በስም፣ በቀንና በዕቃ ዓይነት መጻፉ ሠራተኛውንም ይጠብቀዋል። በሌለበት ዕቃ ቢጎድል ቁልፉ በማን እጅ እንደነበር ፊርማው ይናገራል። ደብዳቤውን ሲያስገባም በራሱ ኮፒ ላይ የገቢ ማኅተምና ቀን ማስደረግ አለበት፤ በቃል «ነግሬያለሁ» ማለት ከወር በኋላ የደመወዝ ክፍሉን አያሳምንም።

አንድ ጥንቃቄ፦ በራሱ የፍቺ ወይም የውርስ ክርክር የሚቀርብ ሰው ተከራካሪ እንጂ ምስክር አይደለም፤ ይህን ደብዳቤ ሊጠቀምበት አይችልም።

ምስክሩ ሐሙስ ቀርቦ ችሎቱ ሳይሰማው ወደ ሌላ ቀን ቢቀጠርስ? ያጋጥማል። ያኔ ከሬጅስትራር መቅረቡንና አዲሱን ቀጠሮ የሚገልጽ ማረጋገጫ ጠይቆ ይወስዳል፤ ሲመለስ ለሰው ሀብት አስተዳደር ያስገባና በእሱ ላይ ተመሥርቶ ለአዲሱ ቀን ሌላ ደብዳቤ ይጽፋል። የመጀመሪያው ፈቃድ ለሁለተኛው ቀጠሮ አያገለግልም።