እርስ በርስ በሚቃረኑ ትረካዎች መካከል ቀኖና እንዴት ይወሰናል? የ“ስታር ዋርስ” ጉዳይ

ቀኖና የሚለው ቃል በአገራችን አንባቢ ዘንድ አስቀድሞ የሚያስታውሰው የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት ነው። በፊልም፣ በመጽሐፍ፣ በኮሚክስና በቪዲዮ ጨዋታ በተስፋፉ የልብ ወለድ ዓለማት ጥናት ግን ቃሉ፣ ከተነገሩት ታሪኮች መካከል በዚያ ዓለም ውስጥ “በእርግጥ የሆነ” ተብሎ የሚቆጠረውን ክፍል ያመለክታል። ይህ አጭር ጽሑፍ የስታር ዋርስን ጉዳይ በመመርመር፣ ቀኖናን የሚወስነው የባለቤቱ ድርጅት ሥርዓት መሆኑን፣ ይህም ሥርዓት በቅራኔ ላይ ፍርድ ቢሰጥም ታሪኮቹን ማስታረቅ እንደሚሳነው ያሳያል።

እስከ 2014 እ.ኤ.አ. ድረስ ሥርዓቱ በማዕረግ ላይ የቆመ ነበር። ሉካስፊልም ሆሎክሮን የተባለ የውስጥ የመረጃ ቋት ነበረው፤ የቋቱም ኀላፊ ሊላንድ ቺ ነበር። በማዕረጉ አናት የጆርጅ ሉካስ ፊልሞች፣ ቀጥሎ የቴሌቪዥን ተከታታዮች፣ ከዚያ በታች አብዛኞቹ ልብ ወለዶች፣ ኮሚክሶችና ጨዋታዎች ተቀምጠዋል። ማዕረጉ የሚሠራው በእያንዳንዱ ነጠላ መረጃ ላይ ነው። አንድ መጽሐፍ ከፊልም ጋር ሲጋጭ የሚወድቀው የተጋጨው ነጥብ ብቻ ነው፤ የበላዩ ሥራ ዝም ባለበት ሁሉ የበታቹ ቃል ይጸናል።

የዚህ ደንብ ድክመት በኢቨን ፒየል ሞት ላይ ጎልቶ ይታያል። በ2008 በታተመው የማይክል ሪቭስ ልብ ወለድ፣ “ጄዳይ ትዋይላይት”፣ ይህ የጄዳይ መምህር ከጄዳዮች ጭፍጨፋ ተርፎ ይሸሸጋል፤ ኋላም ሲሞት ለሌላ ጄዳይ አደራ ይሰጣል። በ2011 “ዘ ክሎን ዋርስ” የተባለው የአኒሜሽን ተከታታይ ግን ሲታደል ከተባለው እስር ቤት ሲያመልጥ፣ ጭፍጨፋው ገና ሳይደርስ፣ ገደለው። በማዕረጉ መሠረት ፍርዱ ግልጽ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ረታ። ሆኖም የመጽሐፉ ዋና ገጸ ባሕርይ የሚንቀሳቀሰው በዚያ አደራ ነው። አደራ ሰጪው ቀድሞ ከሞተ የቀረው ታሪክ በምን ይጸናል? ደንቡ አንዱን መረጃ ሲሽር በእርሱ ላይ የተገነባውን ሴራ እንዳልተነካ ቈጥሮ ያልፋል፤ በዚህም መጽሐፉ በስም ቀኖናዊ ሆኖ ሳለ መነሻውን ያጣል።

ከማዕረጉ ውጭ የቆሙት የአድናቂዎች ሥራዎችም መግቢያ በር አላቸው። ፋይቭ ኦ ፈርስት ሌጅን የተባለው የአድናቂዎች ማኅበር በ1997 የተመሠረተው የፊልሙን ወታደሮች ልብስ ሠርተው በሚለብሱ ሰዎች ነው። ደራሲው ቲሞቲ ዛን በ2004 ባሳተመው ልብ ወለድ ስሙን ለአንድ የጦር ክፍል ሰጠ፤ በቀጣዩ ዓመትም በ“ሪቬንጅ ኦቭ ዘ ሲዝ” የጄዳይን ቤተ መቅደስ የሚወርረው የክሎን ጦር በይፋ በዚሁ ስም ታወቀ። አድናቂዎች ያመነጩትን ስም ቀኖናዊ ያደረገው ፈቃድ ባለው ደራሲ እጅ ማለፉ ነው።

ዲስኒ ሉካስፊልምን በ2012 ከገዛ በኋላ፣ በኤፕሪል 2014 ማዕረጉ ቀረ። ስድስቱ ፊልሞችና “ዘ ክሎን ዋርስ” ጸንተው ሲቆዩ፣ የቀደሙት ልብ ወለዶች፣ ኮሚክሶችና ጨዋታዎች በአብዛኛው “ሌጀንድስ” ተብለው ከቀኖና ወጡ። ከዚያ ወዲህ የሚወጣው ሁሉ እኩል ቀኖና እንዲሆን፣ ቅራኔም ከኅትመት በፊት በአንድ የታሪክ ቡድን እንዲታረም ታቀደ። ከቀኖና የወጣ ነገር ሊመለስ እንደሚችልም በ2016 ታየ፤ ዛን በ1991 የፈጠረው ትሮን የተባለ የጦር አዛዥ “ሬብልስ” በተባለው ተከታታይ ዳግም ገባ።

እኩልነቱ ግን የራሱን ችግር ወለደ። በ2015 መውጣት የጀመረው የኬነን ኮሚክስ ኬይለብ ዱም የተባለውን ወጣት ጄዳይ መምህርቱ የተገደለችበትን ሌሊት በእሳት ዳር ያሳያል። በ2021 “ዘ ባድ ባች” ያንኑ ክስተት በቀን፣ በበረዶ በተሸፈነ የጦር ሜዳ ላይ አቀረበው። ሁለቱም በአዲሱ ደንብ እኩል ቀኖና ናቸው፤ ሁለቱም በአንድነት እውነት ሊሆኑ ግን አይችሉም። የቀደመው ሥርዓት እዚህ ፈራጅ ነበረው፤ አዲሱ የለውም። ከዚያ ወዲህ አድናቂዎች በአብዛኛው በስክሪን የታየውን ሲያስበልጡ፣ የተሻረው ማዕረግ በልማድ ተመልሶ መምጣቱን እናያለን።

ስለዚህ በዚህ መስክ የሚያጠና ተመራማሪ “በቀኖናው መሠረት ፒየል የሞተው በሲታደል ነው” ብሎ ቢጽፍ ዐረፍተ ነገሩ ገና አልተሟላም። የትኛው ሥራ፣ በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው ደንብ ሥር እንዳለው አብሮ መጻፍ ይኖርበታል፤ በ2010 ለዚሁ ጥያቄ ትክክለኛው መልስ የሪቭስ መጽሐፍ ነበርና።