የጡጦ አውንስና የሚዛን አውንስ

ከአሜሪካ የሚላክልን የኬክ አሠራር አንዳንድ ጊዜ በአውንስና በፓውንድ የተጻፈ ነው። ለዒድ ዝግጅት ላይ የነበረች አንዲት እናት እህቷ የላከችላትን ወረቀት ይዛ ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት መጣች። ወረቀቱ ዱቄት 8 አውንስ፣ ስኳር 8 አውንስ፣ የገበታ ቅቤ 8 አውንስ፣ እንቁላል 4 ይላል። አውንስ የተጻፈበት ዕቃ ስትፈልግ የልጇን ጡጦ አገኘችና ሁሉንም በእርሱ ለካች። ኬኩ ግን መሐሉ ሰመጠ፤ ከሥሩም ቅቤ አቀረረ። «ምን አጠፋሁ?» ስትል ጠየቀችኝ።

አውንስ የሚባለው መለኪያ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ክብደትን ሲለካ ሁለተኛው የፈሳሽን መጠን ይለካል። ጡጦ ላይ የተጻፈው ሁለተኛው ነው። ዱቄት ቀላል ስለሆነ ጡጦውን እስከ 8 ቁጥር ቢሞላውም ክብደቱ ወደ 125 ግራም ብቻ ነው። ወረቀቱ የጠየቀው ግን 227 ግራም ነበር። ቅቤው ከሞላ ጎደል ልኩን ሲያገኝ ዱቄቱ በግማሽ ያህል ጎደለ፤ ስለዚህ ቅቤውን የሚሸከም ዱቄት አልነበረም።

እንግዲህ ዱቄት፣ ስኳር ወይም ቅቤ በአውንስ ከተጻፈ በሚዛን ይመዘናል። «ኦ ዜድ» ከሚሉት ፊደላት በፊት «ኤፍ ኤል» ካለ ግን የፈሳሽ ነውና በጡጦም ቢሆን መለካት ይቻላል።

ለክብደቱ የምንይዘው ሒሳብ ጥቂት ነው። 1 አውንስ 28.35 ግራም ነው። 16 አውንስ 1 ፓውንድ ሲሆን ይኸውም 454 ግራም ይሆናል። 1 ኪሎ ደግሞ 2.2 ፓውንድ ገደማ ነው። ፓውንድ በወረቀት ላይ «ኤል ቢ» ተብሎ ያጥራል። ስለዚህ የእህታችን 8 አውንስ 8 ጊዜ 28.35፣ ማለትም 227 ግራም ነው።

ግራም የሚያሳይ ሚዛን ቤት ውስጥ ከሌለ ከሱቅ ሩብ ሩብ ኪሎ ማስመዘን ይቻላል። ሩብ ኪሎ 250 ግራም ስለሆነ ከሚፈለገው በ23 ግራም ይበልጣል። ሦስቱንም እኩል ከጨመርን እርስ በርስ ያላቸው ልክ አይፋለስም። ዱቄቱን ብቻ ሩብ ኪሎ አድርጎ ሌላውን በትክክል መመዘን ግን ኬኩን ያደርቀዋል።

እንቁላሉንም አንርሳ። የአሜሪካ አሠራር የሚያስበው ያለ ቅርፊቱ 50 ግራም ገደማ የሚመዝነውን ትልቅ እንቁላል ነው። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ከዚህ ስለሚያንስ በ4 ፈንታ 5 መስበር ይሻላል።

ያቺ እናት በሚዛን ለክታ እንደገና ጋገረች። ጡጦውም ወደ ልጇ ወተት ተመለሰ።