ልጅ የሚያስተኛ ተረት፤ ለአንዲት ወጣት እናት ምክር

ልጄ፣ የአራት ዓመቱ ልጅሽ ተረት ሲነገረው ከመተኛት ይልቅ አልጋው ላይ ተነሥቶ እንደሚዘል፣ ጅቡንም ድገሚልኝ እያለ እንደሚያስቸግርሽ ነግረሽኛል። ልጁ ምንም አላጠፋም። የነገርሽው ተረት ልጅ ነቅቶ እንዲያዳምጥ የተሠራ ነው። በጎንደር ገጠር እሳት ዳር ተቀምጠን የሰማነው ተረት ሁሉ እንዲህ ነበር፤ ተራኪው ድምፁን እየለዋወጠ ያስቃል፣ ያስደነግጣል፣ ያስጠይቃል። አባባ ተስፋዬም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ሲተርኩ ድምፃቸውን የሚለዋውጡት ልጁ ዓይኑን እንዳይነቅል ነበር። የመኝታ ተረት መንገዱ ሌላ ነው። ድምፅ መለወጥም፣ የእንስሳ ጩኸትም ይኖረዋል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ድምፅ ከቀደመው ዝቅ ማለት አለበት። እዚህ አፉላ ለምታሳድጊው ልጅ እንዴት እንደሚሠራ በተራ በተራ ልንገርሽ።

1. ወደ ቤት የሚመለስ ተረት ምረጪ። ብልጠት፣ ማታለል፣ እንቆቅልሽ ያለበትን ለቀን አቆዪው፤ ልጅ መልሱን ካላገኘ አይተኛም። ለመኝታ የሚሆነው አንድ ትንሽ ፍጥረት፣ ለምሳሌ ግልገል፣ ከከፍታ ቦታ ተነሥቶ፣ በመንገዱ ላይ አንድ በአንድ እየጠየቀ፣ እናቱ ዘንድ የሚደርስበት ነው። እናትየው የት እንዳለች ገና በመጀመሪያው ላይ ተናገሪ። «እናቷ ጠፋች» ብለሽ ከጀመርሽ ልጁ እስከ መጨረሻው በስጋት ይጠብቃል፤ «እናቷ ቀድማ ወደ ቤት ወርዳለች» ካልሽ ግን የሚቀረው መንገዱ ብቻ ነው። ቦታውንም ልጅሽ የሚያውቀው አድርጊው። ጊቭአት ሃሞሬ ኮረብታን በየቀኑ ያየዋል፣ በሸለቆው የሚዘራውን ሱፍም ያውቀዋል። በተረቱ የሚመጡትን እንስሳት ደግሞ ከትልቅ ድምፅ ወደ ትንሽ ድምፅ ደርድሪያቸው፦ ላም፣ እርግብ፣ ንብ፣ ከዚያ ነፋስ። አህያን ተዪው፤ የእሱን ድምፅ ዝቅ አድርጎ ማሰማት አይቻልም።

2. ድምፅሽን ስትለውጪ ከማቅጠንና ከማወፈር ይልቅ በፍጥነት ለይው። ብዙ ሰው ግልገል ሲሆን ጉሮሮውን ጨምቆ ይጮኻል፤ ልጁ ይስቃል፣ እንቅልፉም ይሄዳል። ግልገሏን በራስሽ ድምፅ፣ ትንሽ ፈጠን አድርገሽ ተናገሪ። ላሚቱ ከደረት ትወጣለች፤ በየቃሉ መሃል ክፍተት እየተውሽ፣ በዝግታ። እርግቢቱ ጉሮሮ ውስጥ ትቀራለች። ንቧ በተገጠመ ከንፈር ነው። ታሪኩን የምታወሪበት ድምፅ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የአንቺው ይሁን፤ ልጁ ሁልጊዜ ወደዚያ ድምፅ ይመለሳል። የፊደሎቹንም ድምፅ ልብ በይ። ጠ፣ ቀ፣ ጨ እንደ ጅራፍ ጮክ ብለው ይወጣሉ፤ ለመጀመሪያው ክፍል ደስ ይላሉ። ወደ መጨረሻው ሲደርስ ሰ፣ ሸ፣ መ፣ ነ፣ ለ የሚበዙባቸውን ቃላት ምረጪ፤ እነሱን በሹክሹክታም ቢሆን መናገር ይቻላል።

3. ለኮቴው፣ ለዝናቡና ለነፋሱ እጅሽና እስትንፋስሽ ይበቃሉ። ለኮቴ ሁለት ጣቶችሽን ብርድ ልብሱ ላይ አራምጂ፤ መጀመሪያ አራት እርምጃ፣ ቀጥሎ ሦስት፣ ከዚያ ሁለት። ልጁ ድምፁን በጆሮው ብቻ ሳይሆን በጀርባው ስለሚሰማው አፍሽ ዝም ሲል እንኳ ተረቱ ይቀጥላል። ዝናብ ካማረሽ አንድ እፍኝ ሱፍ በጨርቅ ጥብቅ አድርገሽ ቋጥሪና ቀስ ብለሽ አጋድሚው። ይህን በተረቱ የመጀመሪያ ግማሽ ብቻ አሰሚና ቋጠሮውን ከአልጋው አርቂ፤ ሱፍ ትንሽ ልጅን ያንቃል፣ ቋጠሮውም ሊፈታ ይችላል። ነፋሱ ያንቺው ረጅም እስትንፋስ ነው። ጭብጨባና የጣት ፉጨት ለቀን ይቆዩ።

4. ከታች ወደ ላይ እየወጣ የሚሄድ ጩኸት አታሰሚ። የጅብ ድምፅ ዝቅ ብሎ ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል። የአደጋ ደወልም እንዲሁ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ጦርነት ሮኬት አፉላ ድረስ መጥቷል፣ ከዚያ ወዲህም ደወሉ በከተማችን ጮኋል፤ ያን ድምፅ ሰምቶ ወደ መጠለያ የሮጠ ልጅ በጨለማ ሲሰማው ሰውነቱ ቀድሞ ይነቃል፣ ምክንያቱን ግን ሊነግርሽ አይችልም። በሸለቆው የሚኖሩት ቀበሮዎችም አመሻሽ ላይ ይጮኻሉ። ተረት እያወራሽ ከጮኹ እንዳልሰማሽ አትሁኚ፤ «ቀበሮዎቹም ልጆቻቸውን እየጠሩ ነው» በይና ቀጥይ። እነሱን አስመስለሽ ግን አትጩሂ። ጅብን ከወደደው ቀን ቀን ንገሪው።

5. ተረቱን ጻፊው፣ ምልክቱንም አብረሽ ጻፊ። እኔ የምነግረውን እንደዚህ አድርጌ እጽፈዋለሁ። በቅንፍ ያለው ለአንቺ ነው፣ አይነበብም።

(በራስሽ ድምፅ) አንዲት ግልገል ነበረች። ቀኑን ሙሉ ኮረብታው ላይ ስትቦርቅ ዋለች። እናቷ ቀድማ ወደ ቤት ወርዳለች። ፀሐይም ስትጠልቅ ግልገሏ መንገድ ጀመረች። (አራት የጣት እርምጃ) ኳ፣ ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

ላሚትን አገኘቻት። (ከደረት፣ ረዘም አድርገሽ) እም—ቧ። (ፈጠን ብለሽ) «ላሚት፣ የቤቴ መንገድ በየት ነው?» (በዝግታ፣ ልጁ አብሮ ይበል)
«ውረጂ በቀስታ፣ ውረጂ በዝግታ፤
እናትሽ ታች አለች፣ በራፉን ከፍታ።»
(ልጁ አንዴ እስኪተነፍስ ዝም በይ)

(ሦስት እርምጃ) ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ባሕር ዛፍ ላይ እርግቢት ተቀምጣለች። (ጉሮሮ ውስጥ) ኩርር፣ ኩርር። «እርግቢት፣ የቤቴ መንገድ በየት ነው?» (ዝቅ ባለ ድምፅ)
«ውረጂ በቀስታ፣ ውረጂ በዝግታ፤
እናትሽ ታች አለች፣ በራፉን ከፍታ።»
(ሁለት እስትንፋስ ዝምታ)

(ሁለት እርምጃ፣ ያለ ድምፅ) ከሱፉ አበባ ውስጥ ንቧ አለች። (ከንፈርሽን ገጥመሽ) ምምምም። ግልገሏ ዝግ ብላ ጠየቀቻት፤ ንቧም ዝግ ብላ መለሰችላት። (በሹክሹክታ፣ አጋማሹን ብቻ)
«ውረጂ በዝግታ፤ እናትሽ ታች አለች።»
(ሦስት እስትንፋስ ዝምታ)

ነፋሱ መጣ። (ረጅም እስትንፋስ) ሽሽሽሽ። የሱፉ ማሳ ዘንበል አለ። ግልገሏ ዘንበል አለች። እናቷ ላሰቻት፣ አጠገቧ አስተኛቻት። ላሚት ተኛች። እርግቢት ተኛች። ንቧም ተኛች። (በየዓረፍተ ነገሩ መሃል እስትንፋሱን ጠብቂ) «በዝግታ። በዝግታ።»

እንዳየሽው ግጥሙ ሁለት ጊዜ ሙሉ ይባላል፣ ቀጥሎ አጋማሹ ብቻ፣ በመጨረሻም አንድ ቃል ይቀራል። ዝምታው ግን በተቃራኒው እየረዘመ ይሄዳል። ሌላ ተረት ስትሠሪ እንስሳቱን ብትቀይሪም እነዚህን ሁለቱን አትቀይሪ።

6. ልጁ በዕብራይስጥ ቢጠይቅሽ ተረቱን አታቋርጪ። ጋን ውስጥ የሚውል ልጅ «እርግብ» ምን እንደሆነች ባያውቅ አያስደንቅም። ተረቱን እያቆምሽ ከተረጎምሽለት ግን ምቱ ይሰበራል፤ ልጁም ተማሪ ይሆናል፣ ተማሪ ደግሞ ይነቃል። ከሰዓት በኋላ ከቤት ስትወጡ ላሟን፣ እርግቧን፣ ንቧን በአማርኛ ጥሪለት፣ ድምፃቸውንም አሰሚው። ማታ አንዱን ቃል ቢጠይቅ በዕብራይስጥ አንድ ቃል መልሺና በዚያው ትንፋሽ ወደ አማርኛው ተመለሽ። አንድ ተረት ሳምንቱን ሙሉ ይደጋገም። አንቺ ቢሰለችሽም እሱን አይሰለቸውም፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ማወቁ ነው የሚያሳርፈው። ግጥሙን ደግሞ ትርጉሙን ሁሉ ሳይይዝም አብሮሽ ይለዋል።

7. ምልክቱን ከልጁ ላይ አንብቢ። እየሠራ ከሆነ የልጁ መልስ እያጠረ ይሄዳል፦ በመጀመሪያ ግጥሙን ሙሉ ይላል፣ ቀጥሎ የቤት መምቻውን «ዝግታ፣ ከፍታ» ብቻ፣ ከዚያ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ እጁም ይላላል። በክርኑ ተደግፎ ቀና ካለ ያሰማሽው የመጨረሻ ድምፅ በዝቷል ማለት ነው፤ ወደፊት አትሩጪ፣ ያንኑ እንስሳ ዝቅ ባለ ድምፅ ድገሚው። «ከዚያስ?» ካለ በተረቱ ውስጥ ያልተዘጋ ጉዳይ ትተሻል፤ በማግስቱ ፈልገሽ አውጪው። «ተኛህ?» ብለሽ ግን ፈጽሞ አትጠይቂ፤ ሸለብ ያደረገው ልጅ መልስ ለመስጠት ይመለሳል። የቤታችንን ልማድ፣ ተረት ሲያልቅ «አፌን በዳቦ አብሱ» ማለትን እወደዋለሁ፤ ነገር ግን እሱም ከልጁ መልስ ይፈልጋልና ለጠዋት ይቆይ። ቁርስ ላይ ዳቦውን ስትሰጪው በይው።

8. የጻፍሽውን ለባልሽም ገልብጪለት። የአራት ዓመት ልጅ አንድ ቃል ከተቀየረበት «እንደሱ አይደለም!» ብሎ ይነሣል፤ ስለዚህ ግጥሙ፣ የእንስሳቱ ተራ፣ የእርምጃው ቁጥር በሁለታችሁም ዘንድ አንድ ይሁን። ድምፁ ግን የራሱ ይሁን፤ የአባቱ ላሚት ካንቺዋ ብትወፍር ልጁ አይከፋውም። ባልሽ ፊደል የማያነብ ከሆነ አማርኛውን በዕብራይስጥ ፊደል ጻፊለት፤ በቅንፍ ያለውን ደግሞ ለእሱ በሚቀለው ቋንቋ አስቀምጪለት። መጀመሪያ ሁለታችሁ ያለ ልጁ አንዴ ጮክ ብላችሁ ተለማመዱት፣ ዝምታዎቹንም አብራችሁ ቁጠሩ፤ አዲስ ተራኪ ሁሉ ቶሎ የሚዘለው ዝምታውን ነውና።