ከቆርቆሮው ሥር ያለው ቦታ፦ የይዘቱና የገጽታው አለካክ

ደብረ ታቦር ላይ ቆርቆሮ ቤት የሚሠራ ሰው ሁለት ጥያቄ ይገጥመዋል። አንደኛው ስንት ቆርቆሮ ልግዛ የሚለው ነው። ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ ቤቱ ካለቀ በኋላ ይመጣል፦ ከኮርኒሱ በላይ ያለው ባዶ ቦታ ምን ያህል ዕቃ ይይዛል? ከተማው 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ከ4,100 ሜትር በላይ የሚዘልቀው የጉና ተራራም ሩቅ አይደለም። በእንዲህ ያለ ብርድ ከራስ በላይ ባዶ ቆርቆሮ ብቻ ይዞ መኖር ስለማይመች ኮርኒስ ይሠራል፤ ኮርኒሱ ሲሠራ ደግሞ ከላዩ ክፍተት ይቀራል። ጣሪያው በሁለት ወገን የሚያፈስ ከሆነ ያ ክፍተት በትምህርት ቤት ባለጎነ ሦስት ፕሪዝም ተብሎ የምናውቀው ቅርጽ ነው። ለሁለቱም ጥያቄ መልሱ የሚገኘው ከእሱ ነው።

መጀመሪያ ግን ቅርጹ በእርግጥ ፕሪዝም መሆኑን ያረጋግጡ። የቤቱን ጫፍ ፊት ለፊት ቆመው ሲያዩት ጎነ ሦስት መሆን አለበት፤ ያው ጎነ ሦስት ሳይጠብና ሳይሰፋ እስከ ሌላው ጫፍ መዝለቅ አለበት። ጣሪያው በአራት ወገን የሚያፈስ ከሆነ ሁለቱ ጫፎች ወደ ውስጥ ስለሚያዘነብሉ የሚከተለው ስሌት ካለው በላይ አብዝቶ ያሳያል። ለክብ ጎጆማ ጨርሶ አይሆንም።

ልኬቱ

የሚያስፈልጉት ሦስት ልኮች ናቸው፦ የቤቱ ስፋት፣ የቤቱ ርዝመትና ከኮርኒሱ እስከ ጣሪያው አናት ያለው ቁመት። ለምሳሌ የምንይዘው ቤት 6 ሜትር ስፋትና 8 ሜትር ርዝመት አለው።

ችግር የሚፈጥረው ቁመቱ ነው። ሰው ሜትሩን በወራጁ ላይ ዘርግቶ ከግድግዳው ጫፍ እስከ አናት ይለካና ያንን ቁመት ይለዋል፤ እሱ ግን የተዳፋቱ ርዝመት ነው። ቁመት ማለት ቀጥ ብሎ የሚወርደው ነው። ስለዚህ ከአንዱ ግድግዳ አናት ወደ ሌላው ሲባጎ ይወጥሩ፤ ከጣሪያው አናት ቱንቢ ይልቀቁ፤ ቱንቢው ሲባጎውን እስኪነካ ድረስ ያለውን ክር ይለኩ። በእኛ ቤት 1.6 ሜትር ወጣ። ቱንቢው ሲባጎውን የሚነካው ከሁለቱም ግድግዳ 3 ሜትር ላይ መሆኑንም እግረ መንገድዎን ይዩ፤ ለተዳፋቱ ያስፈልገናል።

ተዳፋቱን ከቁመቱ ማግኘት ቀላል ነው። የስፋቱ ግማሽ 3 ሜትር፣ ቁመቱ 1.6 ሜትር ነው። 3 በ3 ሲባዛ 9፣ 1.6 በ1.6 ሲባዛ 2.56፣ ድምሩ 11.56 ይሆናል፤ የዚህ ዳግም ዘር 3.4 ነው። ስለዚህ ተዳፋቱ 3.4 ሜትር ነው። በተገላቢጦሽ ተዳፋቱን ለክቶ ቁመቱን ማስላትም ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርም። ተዳፋቱን በ5 ሴንቲ ሜትር ቢያስረዝሙትና 3.45 ቢሉት፣ ከ11.9 ላይ 9 ሲቀነስ 2.9 ይቀራልና ቁመቱ 1.7 ሜትር ይመጣል። የ5 ሴንቲ ሜትር ስሕተት 10 ሴንቲ ሜትር ሆነ ማለት ነው። ቁመቱን ለክተው ተዳፋቱን ሲያሰሉ ግን ስሕተቱ ይጠባል እንጂ አይሰፋም።

በክንድ መለካት የለመደ አናጺ ካለም ሜትር ይዞ እንዲመጣ ይንገሩት። ክንዱ ሲታሰብ ከነበረው በአሥር እጅ አንድ ቢያጥር፣ ይዘት ሦስት ልኮችን የሚያባዛ ስለሆነ ስሕተቱ ሦስት ጊዜ ይገባል። ከሩብ በላይ የሆነ ቦታ ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

ይዘቱ

የጎነ ሦስቱ ስፋት የመሠረቱና የቁመቱ ብዜት ግማሽ ነው፦ 6 × 1.6 ÷ 2 = 4.8 ካሬ ሜትር። ይህንን በቤቱ ርዝመት ያባዙት፦ 4.8 × 8 = 38.4 ሜትር ኩብ። ከኮርኒሱ በላይ ያለው ጠቅላላ ቦታ ይኸው ነው።

ስሌቱ መሳሳቱን የሚያጋልጥ ቀላል ዘዴ አለ። ክፍተቱን ልክ የሚያስገባ ሣጥን በሐሳብዎ ይሥሩ፤ 6 ሜትር ስፋት፣ 8 ሜትር ርዝመት፣ 1.6 ሜትር ከፍታ። የሣጥኑ ይዘት 76.8 ሜትር ኩብ ነው። ፕሪዝሙ የግድ የዚህ ግማሽ መሆን አለበት። ቁመት ብሎ ተዳፋቱን ያስገባ ሰው 6 × 3.4 ÷ 2 × 8 ብሎ 81.6 ያገኛል፤ ከሣጥኑ ራሱ በለጠ ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ አይሆንም። ለሁለት ማካፈሉን የረሳም 76.8 ላይ ስለሚያርፍ ወዲያው ይያዛል።

የጣሪያው አናት መሐል ላይ ባይሆንስ? አንዳንዱ ቤት አንዱ ክንፉ አጭር፣ ሌላው ረጅም ነው። ስፋቱና ቁመቱ እስካልተለወጠ ድረስ ይዘቱ ያው 38.4 ነው። የሚለወጠው ተዳፋቱ ነው፤ አናቱ ከአንዱ ግድግዳ 2 ሜትር፣ ከሌላው 4 ሜትር ቢርቅ ተዳፋቶቹ 2.56 እና 4.31 ሜትር ገደማ ይሆናሉ፤ እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ማስላት ያስፈልጋል።

አሁን 38.4 ሜትር ኩብ አለኝ ብሎ ዕቃ ለመጫን የሚነሳ ሰው ይቆይ። ሣጥንና ጆንያ ከተዳፋቱ ሥር ሾልኮ አይገባም፤ የሚደረደረው ቀጥ ባለ ቁልል ነው። ቁልሉን 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢያደርጉት 4.5 ሜትር ስፋት ያገኛሉ፤ ፊቱ 1.8 ካሬ ሜትር ነው። 1.2 ሜትር ከፍ ቢያደርጉት ስፋቱ ወደ 1.5 ሜትር ይጠባል፤ ፊቱ አሁንም 1.8 ነው። የሚበልጠው መሐሉ ነው፦ በቁመቱ ግማሽ፣ በ80 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ ስፋቱ 3 ሜትር፣ ፊቱ 2.4 ካሬ ሜትር ይሆናል። በ8 ሜትር ሲባዛ 19.2 ሜትር ኩብ፣ ማለትም የጠቅላላው ልክ ግማሽ። ከግማሽ የሚበልጥ አንድ ወጥ ቁልል በየትኛውም የጎነ ሦስት ጣሪያ ሥር አይገባም። ጭድ ወይም ልብስ ከሆነ ማዕዘኑ ድረስ ይጠቀጠቃልና ሌላ ነገር ነው።

ደግሞም ቦታ መኖሩ ይሸከማል ማለት አይደለም። አንድ ሜትር ኩብ ገብስ 600 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ 19.2 ሜትር ኩብ ገብስ ከ11,500 ኪሎ አያንስም፣ 115 ኩንታል መሆኑ ነው። በሚስማር የተያዘ ችፑድ የዚህን ጥቂቱንም አይችልም። ከኮርኒሱ በላይ ማስቀመጥ የታሰበው እህል ወይም ድንች ከሆነ ጭነቱን ወደ ግድግዳ የሚያወርድ ጠንካራ አግዳሚ ከወዲሁ መግባት አለበት።

ጠቅላላ ገጽታው

ፕሪዝሙ አምስት ፊት አለው። ሁለቱ ተዳፋቶች እያንዳንዳቸው 3.4 በ8 ናቸው፤ ድምራቸው 54.4 ካሬ ሜትር። ሁለቱ ጎነ ሦስት ጫፎች 4.8 እና 4.8፣ ባንድነት 9.6። የታችኛው ወለል፣ ማለትም ኮርኒሱ፣ 6 በ8 ሆኖ 48። ጠቅላላው 112 ካሬ ሜትር ነው።

ፈተና ላይ 112 ብሎ መመለስ ይበቃል፤ ሱቅ ሲኬድ ግን 112ን ይዞ የሚሄድ ሰው ገንዘቡን ያባክናል። ለቆርቆሮ የሚፈለገው 54.4 ብቻ ነው፤ ለኮርኒስ 48፤ ጫፎቹ በጣውላ ወይም በሌላ ነገር ከተዘጉ 9.6 ለብቻው ይታሰባል። አምስቱም ፊት አንድ ላይ የሚደመሩት ክፍተቱ በሙሉ ከውስጥ በላስቲክ የሚለበጥ ከሆነ ነው።

ቆርቆሮው ላይ ደግሞ 54.4 ራሱ ያንሳል፤ ጣሪያ ግድግዳው ላይ አይቆምማ። ከፈፉ በእያንዳንዱ ተዳፋት 40 ሴንቲ ሜትር፣ በሁለቱ ጫፎች ደግሞ 30፣ 30 ሴንቲ ሜትር ይውጣ እንበል። ተዳፋቱ 3.8 ሜትር፣ ርዝመቱ 8.6 ሜትር ይሆናል፤ ሁለቱ ክንፎች 65.4 ካሬ ሜትር ገደማ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ነው። 2 ሜትር ርዝመትና 90 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው አንድ ቆርቆሮ 1.8 ካሬ ሜትር ነውና 65.4ን ለ1.8 አካፍሎ 37 ቆርቆሮ ይገዛል። ቆርቆሮ ግን ይደራረባል። በጎን 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚደረብ የሚሸፍነው 80 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ 8.6 ሜትሩን ለመሸፈን 11 ረድፍ ያስፈልጋል። ከላይ ወደ ታች ሁለት ቆርቆሮ 4 ሜትር ሲሆን፣ 20 ሴንቲ ሜትር ሲደረብ 3.8 ሜትር ይቀራል፤ ከተዳፋታችን ጋር ልክ ነው። ስለዚህ 11 በ2፣ ለሁለት ክንፍ 44 ቆርቆሮ። በማካፈል ከተገኘው 7 ይበልጣል። ለአናቱ የሚሆነው ክፈፍ 8.6 ሜትር ተለክቶ ለብቻው ይገዛል። የሚገዙት ቆርቆሮ ስፋቱ ከዚህ የተለየ ከሆነ ሱቁ ውስጥ ራስዎ ለክተው ረድፉን እንደገና ይቁጠሩ።

ድንኳን ሲሆን

እድር የሚተክለው ትልቅ ድንኳን ከታች ቀጥ ያለ ግድግዳ ስላለው ፕሪዝም የሚሆነው ከላይ ያለው ክፍል ብቻ ነው። ጉና ላይ ሌሊቱን ለማደር የምትሆን ትንሽ ድንኳን ግን ከመሬት ጀምራ ጎነ ሦስት ናት። ስፋቷ 1.8፣ ቁመቷ 1.2፣ ርዝመቷ 2.4 ሜትር ይሁን። ተዳፋቷ 1.5 ሜትር ይወጣል፤ ይዘቷ 2.59 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ተዳፋቶቹ 7.2፣ ጫፎቹ 2.16፣ ወለሉ 4.32፣ ጠቅላላው 13.68 ካሬ ሜትር። ወለሉ ላስቲክ ከሆነ ለሸራ የሚቀረው 9.36 ነው።

ሸራው 1.5 ሜትር ስፋት ካለው ተዳፋቱን ልክ ይሸፍናል ብሎ በርዝመቱ መዘርጋት ያጓጓል። ይሁንና ለስፌት የሚታጠፍ ምንም አይተርፍም፤ መጋጠሚያውም ዝናብ በሚመታው አናት ላይ ይውላል። ይልቅ ሸራውን ከአንዱ መሬት ተነስቶ በአናቱ ላይ አልፎ ወደ ሌላው እንዲወርድ ይቁረጡት፤ ለእጥፋት 20 ሴንቲ ሜትር ጨምሮ እያንዳንዱ ቁራጭ 3.2 ሜትር፣ ሁለት ቁራጭ 6.4 ሜትር። ሁለቱን ጎነ ሦስቶች አንዱን ቀጥ፣ አንዱን ግልብጥ አድርገው ጎን ለጎን ሲያወጧቸው ከነስፌታቸው 3 ሜትር ይበቃቸዋል። ድምሩ 9.4 ሜትር ሸራ፣ በካሬ 14.1 ነው። ከ9.36 ጋር ያለው ልዩነት በስፌትና በቁርጥራጭ የሚሄደው ነው፤ ከሁለቱ ትልልቅ ቁራጮች ጎን የሚተርፈው ጠባብ ሸራ ግን ለበሩ መደረቢያ ይውላል።