ከ1.82 ወደ 2.00 ለመድረስ ስንት ያስፈልጋል?

ከካርቲየ 6 ተነስተው ኢትዮጵያ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ የገቡ ታላላቆቻችን ለዕረፍት ሲመጡ ደጋግመን የምንሰማው ቃል አለ፤ ሲጂፒኤ፣ ማለትም ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ የተጠራቀመ አማካይ ውጤት። ለመመረቅ ቢያንስ 2.00 መሆን አለበት። ከዚያ በታች የወረደ ተማሪ በሚቀጥለው ሴሚስተር ምን ማምጣት እንዳለበት አስቀድሞ ማስላት ይችላል። በአንድ ምሳሌ እንየው።

አንድ ተማሪ በሁለት ሴሚስተር 34 ክሬዲት አወር ወስዶ በጠቅላላው 62 ነጥብ አግኝቷል እንበል። 62 ለ34 ሲካፈል 1.82 ይሆናል። በሚቀጥለው ሴሚስተር 17 ክሬዲት አወር ይወስዳል።

ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «1.82 እና 2.18 በአማካይ 2.00 ስለሚሆኑ 2.18 ይበቃዋል» እንላለን። ነገር ግን ያለፈው ውጤት የ34 ሰዓት፣ የሚመጣው ግን የ17 ሰዓት ብቻ ስለሆነ እኩል አይመዝኑም። 2.18 ቢያመጣ ሲጂፒኤው 1.94 ላይ ይቀራል። በፈረንሳይኛ የሚማሩ የሰፈራችን ልጆች «ኮኤፊሲያን» የሚሉት ሚዛን እዚህ ክሬዲት አወር ነው።

ትክክለኛው መንገድ ከነጥብ ይነሳል። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ጠቅላላው ሰዓት 51 ይሆናል። 2.00 ለመድረስ 51 × 2 = 102 ነጥብ ያስፈልጋል። በእጁ ያለው 62 ሲቀነስ 40 ይቀራል። 40 ለ17 ሲካፈል 2.35 ነው፤ የሚፈለገው የሴሚስተር ውጤት ይህ ነው።

አሁን ወደ ፊደል እንቀይረው። ቢ 3፣ ሲ ፕላስ 2.5፣ ሲ 2፣ ዲ 1 ነጥብ አላቸው። ተማሪው ባለ 4 ሰዓት ሁለት፣ ባለ 3 ሰዓት ሦስት ኮርሶች አሉት። ሁሉንም ሲ ቢያመጣ 34 ነጥብ ነው፤ 6 ይጎድለዋል። ባለ 3 ሰዓት ሁለቱን ወደ ቢ ቢያሳድግ 6ቱ ይሞላል። ወይም ከባለ 4 ሰዓቶቹ አንዱን ቢ፣ ሌላውን ሲ ፕላስ ማምጣት ይችላል። ነገር ግን በባለ 3 ሰዓት አንድ ኮርስ ዲ ካገኘ 3 ነጥብ ይወርድና ከቀሩት አራት ኮርሶች 9 ተጨማሪ ነጥብ መፈለግ አለበት።

ግቡ የሚደረስበት መሆኑን መልሱ ራሱ ይናገራል። ይኸው ተማሪ በአንድ ሴሚስተር 3.00 ልድረስ ቢል 153 ሲቀነስ 62፣ 91 ነጥብ ያስፈልገዋል፤ ለ17 ሲካፈል 5.35 ይመጣል። ከ4 በላይ ውጤት ስለሌለ አይቻልም። ሁሉንም ኤ ቢያመጣ እንኳ የሚደርሰው 2.55 ነው።

ሁለት ነገር እንጠንቀቅ። አንደኛ፣ የተጠጋጋውን 1.82 በ34 ካባዛን 61.88 ይወጣል፤ ያኔ 40 ነጥብ የማይበቃ ይመስላል። ስለዚህ ጠቅላላ ነጥቡን ከግሬድ ሪፖርቱ ላይ እንውሰድ። ሁለተኛ፣ የሚደገም ኮርስ ካለ አዲሱ ውጤት አሮጌውን የሚተካ ከሆነ ሰዓቱ ሁለት ጊዜ አይቆጠርም። የዩኒቨርሲቲውን ደንብ ከሬጅስትራር ጠይቀን እናስላ።