ቡናው ሳይፈስ የሚቀረጽ እድፍ፦ የአጭር ፊልም የልብስ እቅድና የክትትል ቅጽ

አጭር ፊልም በአብዛኛው የሚቀረጸው በታሪኩ ቅደም ተከተል ሳይሆን ቦታ በቦታ ነው። ለምሳሌ አልማዝ የተባለችው ገጸ ባሕርይ ጠዋት ከቤት ትወጣለች (ትዕይንት 1)፤ ካፌ ውስጥ ነጠላዋ ላይ ቡና ይፈስባታል (2)፤ በመንገድ አድርጋ (3) ማታ ቤቷ ትገባለች (4)፤ በማግስቱም ቤቷ እናገኛታለን (5)። ቤቱ ሰኞ፣ ካፌው ማክሰኞ፣ መንገዱ ረቡዕ ይቀረጻል። እንግዲህ እድፉ ቡናው ከመፍሰሱ አንድ ቀን ቀድሞ ካሜራ ፊት ይቀርባል ማለት ነው።

1. የታሪኩን ቀን ለዩ። ስክሪፕቱን እያነበባችሁ በየትዕይንቱ ጎን የታሪኩን ቀን ጻፉ። ከ1 እስከ 4 ቀን አንድ፣ 5 ቀን ሁለት ነው። ስክሪፕቱ ካልገለጸው ዳይሬክተሩን ጠይቁ።

2. ለልብሱም ለሁኔታውም መለያ ስጡ። አልማዝ እስከ ማታ ልብስ አትቀይርም፤ የነጠላዋ ሁኔታ ግን ይቀየራል። ስለዚህ ንጹሁን «አልማዝ 1ሀ»፣ ያደፈውን «አልማዝ 1ለ»፣ የማግስቱን ልብስ «አልማዝ 2» በሉ። ከዚያ ዝርዝሩን በቀረጻ ቀን ደግማችሁ ጻፉ፦ ሰኞ 1ሀ፣ 1ለ እና 2፤ ማክሰኞ 1ሀ እና 1ለ፤ ረቡዕ 1ለ።

3. መንትያ ነጠላ አዘጋጁ። ጥለታቸው አንድ የሆነ ነጠላዎችን ጎን ለጎን አስተያይታችሁ ግዙ። አንዱን ከሰኞ በፊት በቡና አሳድፉና ይድረቅ፤ እድፉን ማስመሪያ አጠገቡ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ። የቡናው መፍሰስ ሦስት ጊዜ የሚቀረጽ ከሆነ ሦስት ንጹህ ነጠላ ያስፈልጋል።

4. ፎቶውን ከቀረጻው በፊትም በኋላም አንሱ። ተዋናይቷ እየተወነች እጅጌዋን ልትሰበስብ ትችላለች፤ መመዝገብ ያለበት ትዕይንቱ የጀመረበትም ያለቀበትም ሁኔታ ነው። ከፊት፣ ከኋላና ከሁለቱም ጎን አንሱና ቅጹን ሙሉ፦

ትዕይንት 4፣ ታሪክ ቀን 1፣ ቀረጻ ሰኞ፣ አልማዝ 1ለ። የነጠላው ጫፍ በግራ ትከሻ ወደ ኋላ ተጥሏል፤ እድፉ ደረት ላይ በቀኝ በኩል፤ የቀኝ እጅጌ ሁለት ጊዜ ተጠቅልሏል፤ ቦርሳ በግራ እጅ።

ግራና ቀኝ የተዋናይቷ እንጂ የተመልካቹ አይደለም። በዚህ ካልተስማማችሁ ቅጹ ራሱ ያሳስታል።

5. ካፌው ውስጥ ነጠላውን ቀይሩ። የሚፈስ ቡና የሰኞውን እድፍ ቅርጽ አይይዝም። በንጹሁ ነጠላ ቡናው ሲፈስ ቅረጹ፤ ካሜራው ሲቆም የሰኞውን አልብሷት፣ እድፉን በውሃ አርጥቡና ቀጣዩን ቅርብ ምስል አንሱ። ኤዲተሩ በሁለቱ መሃል ይቆርጣል።

6. ቀረጻው ሳያልቅ 1ለን አትጠቡ። በየማታው መለያው በተጻፈበት ከረጢት አስቀምጡት። ረቡዕ ጠዋት አልማዝ መንገድ ላይ ከመቆሟ በፊት ሰኞ ትዕይንት 4 ሲጀመር ከተነሳው ፎቶ ጋር አስተያዩት።